9.8 ኪሎ ያልነገረን፦ «ሚዛን ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የሕፃንን እድገት ለማወቅ ሚዛን ይበቃል፤ ክብደቷ ለዕድሜዋ ከታችኛው መስመር በላይ ከሆነ ቁመቷን መለካት ጊዜ ማባከን ነው። ዚ-ስኮር የተመራማሪዎች ቋንቋ ነው፤ ለእኛ ‹ከመካከለኛው ከመቶ ስንት ደረሰች?› የሚለው ይበልጥ ይገባናል። መለኪያው ራሱ የተሠራው በውጭ አገር ልጆች ነው፤ የእኛ ልጆች በተፈጥሯቸው አጭር ናቸው። ካርዱ ላይም ‹ቀንጭራለች› ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ የቀረው ወረቀት ማብዛት ነው።»

ጸሐፊው ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር የሚውሉ ባለሙያ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ድካማቸውንም አውቀዋለሁ። ሰልፉ እስከ በር ደርሶ፣ ሕፃናቱ እየተቀባበሉ ሲያለቅሱ፣ የቁመት መለኪያ ሰሌዳውን ከጥግ ጎትቶ ማውጣት ያስመርራል። ነገር ግን አራቱም ነጥቦቻቸው አንዲት ልጅ ላይ ሲደርሱ ስላየኋቸው በእርሷ በኩል ልመልስ። ስሟን አልጽፍም። ጅማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ከማይርቅ ሰፈር፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. እናቷና አያቷ ይዘዋት መጡ። የመጡት ለሳል ነበር። ለእድገት ክትትል የመጣ ሰው አልነበረም።

ሚዛን ላይ አወጣኋት። ሹራቧንና ጫማዋን አስወልቀን፣ መጀመሪያ እናትየዋ ብቻዋን ቆማ፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርገን፣ ከዚያ ልጅቷን ታቅፋ 9.8 ኪሎ አሳየ። «ዕድሜዋስ?» ብል እናትየዋ «ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሲስተር» አለች። ከዓመት በፊት ቢሆን «24 ወር» ብዬ ጽፌ አልፍ ነበር። የ24 ወር ሴት ልጅ መካከለኛ ክብደት 11.5 ኪሎ ነው፤ የታችኛው መስመር፣ ማለትም ከመካከለኛው በሁለት ደረጃ ዝቅ የሚለው -2፣ ደግሞ 9.0 ኪሎ። ስለዚህ ልጅቷ ከመስመሩ በ800 ግራም ከፍ ብላ፣ በጸሐፊው መንገድ «ደህና ናት» ተብላ፣ የሳል ሽሮፕ ይዛ ትሄድ ነበር።

ያዳናት የአያቷ አፍ ነው። «ሁለት ዓመት ምን ይላሉ፤ የተወለደችው ደመራ ሳምንት ሲቀረው ነው፣ ያውም አምና ሳይሆን ካቻምና» አሉ። የክትባት ካርዷን ስናወጣ መስከረም 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ይላል። ከመስከረም 10 ቀን 2015 እስከ መስከረም 10 ቀን 2017 ድረስ 24 ወር፤ ከዚያ እስከ ጥር 10 አራት ወር። አሥሩ ቀን ወር ስላልሞላ አይቆጠርም፤ 28 ወር ሞልታለች። እዚህ ላይ ጳጉሜን የምታሳስታቸው ሰዎች አጋጥመውኛል፦ በዓመት 13 ወር እየቆጠሩ ልጅቷን ወደ 30 ወር ያስጠጓታል። ወር ስንል ከልደቷ ቀን እስከ ተከታዩ ወር ተመሳሳይ ቀን ድረስ ያለው ነው፤ ጳጉሜን ለብቻዋ ወር ሆና አትቆጠርም። ሌላው ስህተት የሚመጣው ኮምፒውተር ላይ ነው። ዚ-ስኮር የሚያሰላልን WHO Anthro የተባለው ፕሮግራም የሚሠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ሁለቱም ቀኖች መለወጥ አለባቸው፤ የልደቷ ቀን መስከረም 20 ቀን 2022፣ የመጣችበት ጥር 28 ቀን 2025 ይሆናል። አንዱን ለውጦ አንዱን መተው ልጅቷን በአንድ ጊዜ የብዙ ዓመት ልጅ ያደርጋታል፤ ያ ግን ወዲያው ስለሚታይ አያሰጋም። የሚያሰጋው የማይታየው የሁለትና የአራት ወር ስህተት ነው። በእኛ ከተማ ብዙ እናቶች ልደትን በመውሊድ ወይም በረመዳን ያስታውሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድመው ስለሚመጡ የዚያን ዓመቱን ቀን ሳያጣሩ የዘንድሮውን መቁጠር አይቻልም። መስቀልንና ጥምቀትን እንዲህ ያለ ችግር አያገኛቸውም።

በ28 ወር የሴት ልጅ የክብደት መካከለኛ 12.3 ኪሎ፣ -2 ደግሞ 9.7 ኪሎ ነው። የእኛዋ 9.8 ናት። እንግዲህ ትክክለኛ ዕድሜዋን ይዘንም ከመስመሩ በላይ ቀረች፤ በ100 ግራም ብቻ፣ ግን በላይ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ይቆማሉ። እኔ ሰሌዳውን ጎተትኩ።

ልጅቷ መቆም እምቢ አለች፤ አልቅሳ ጉልበቷን እያጠፈች አስቸገረች። ስለዚህ አስተኝተን ለካናት። የሥራ ባልደረባዬ ጭንቅላቷን ከሰሌዳው ቋሚ ክፍል ጋር አስጠግታ ያዘች፤ እኔ ጉልበቷን በእጄ ተጫንኩና ተንቀሳቃሹን እግሯ መዳፍ ላይ አስደገፍኩ። የመጀመሪያው ንባብ 80.3 ሆነ። ሹሩባዋ አናቷ ላይ ተጠቅልሎ በጌጥ ተይዞ ነበር፤ አያቷ እያጉረመረሙ ፈቱት። ከዚያ በኋላ አንዴ 78.7፣ አንዴ 79.1 ሴንቲ ሜትር አገኘን። በሁለቱ መካከል ያለው 4 ሚሊ ሜትር ነው። ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ቢሆን ኖሮ እንደገና እንለካ ነበር። አማካዩ 78.9። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ የሚለካው ቆሞ ስለሆነ፣ ተኝቶ ከተለካ 0.7 ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል፤ ተኝተን ከቆምነው በዚያ ያህል እንረዝማለንና። ሁለት ዓመት ያልሞላው ቆሞ ከተለካ ደግሞ በተቃራኒው 0.7 ይጨመራል። የእኛዋ 78.2 ሆነች።

በ28 ወር የሴት ልጅ መካከለኛ ቁመት 89.1 ነው። -2 የሚውለው 82.2 ላይ፣ -3 ደግሞ 78.8 ላይ። ልጅቷ ከመጨረሻው መስመር በታች ናት፤ በጽኑ የቀነጨረች ትባላለች። በሚዛኑ ደህና የነበረችው ይህችው ናት።

ለምን እንዲህ ሆነ? ክብደት ለዕድሜ የሁለት ነገር ድምር ነው፦ የቁመትና የውፍረት። አጥሮ ሙሉ የሆነ ልጅና ረዝሞ የቀጨጨ ልጅ ሚዛኑ ላይ እኩል ሊቆሙ ይችላሉ። በዚያው በ28 ወሯ 9.8 ኪሎ የሆነች፣ ቁመቷ ግን 88 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሌላ ልጅ አስቡ። የክብደት ለዕድሜ ነጥባቸው አንድ ነው። የኋለኛዋ ግን ቁመቷ ከመካከለኛው አጠገብ ሆኖ ክብደቷ ለቁመቷ ከ-2 በታች ይወርዳል፤ የቀጨጨች ናት፤ ወደ ሕክምና ምግብ ፕሮግራም ለመግባት የምትታየው እርሷ ናት። የእኔዋ ልጅ ክብደቷ ለቁመቷ መካከለኛው መስመር ላይ ነው ማለት ይቻላል። የክንዷን ዙሪያ ለካሁ፤ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ሁለቱንም እግሯን ሦስት ሴኮንድ ያህል ተጫንኩ፤ ጎድጉዶ አልቀረም። እብጠት ቢኖር ኖሮ ሚዛኑ ውኃም ስለሚመዝን የክብደቱን ቁጥር ጨርሶ ላምነው አልችልም ነበር። ለእርሷ የታሸገውን የለውዝ ሕክምና ምግብ ማደል ወገቧን ያሰፋው እንደሆነ እንጂ የጎደላትን 11 ሴንቲ ሜትር አያመጣም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ጸሐፊው በጣም የተመቻቸው ይህ ይመስለኛል፤ እኔም ብዙ ልቆይበት። መቶኛውን እንሥራ። ቁመቷ 78.2 ከ89.1 ነው፤ 88 ከመቶ። ክብደቷ 9.8 ከ12.3 ነው፤ 80 ከመቶ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዤ ለማንም ሰው «የከፋው የቱ ነው?» ብል፣ ትምህርት ቤት የሄደ ሁሉ ክብደቱ ነው ይለኛል። 88 ያመጣ ልጅ እኮ ወላጁን አስደስቶ ነው ወደ ቤት የሚገባው። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ጤነኛ ልጆች በክብደት በጣም ይለያያሉ፤ በቁመት ግን ብዙም አይለያዩም። በ28 ወር ሴቶች ልጆች ዘንድ ከመካከለኛው ቁመት አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት 3.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይህም ከመካከለኛው ወደ 4 ከመቶ ገደማ ነው። በክብደት አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት 1.4 ኪሎ ነው፤ ወደ 11 ከመቶ። ስለዚህ በቁመት 92 ከመቶ ላይ የደረሰች ልጅ ቀድሞውንም -2 ላይ ናት፤ በክብደት -2 ላይ ለመድረስ ግን እስከ 79 ከመቶ መውረድ አለባት። አንዱ መቶኛ በጠባብ መንገድ ላይ ይሄዳል፣ ሌላው በሰፊ ሜዳ። መቶኛ ሁለቱን በአንድ ክንድ ይለካቸዋል። ዚ-ስኮር የሚያደርገው የየመንገዱን ስፋት ማካፈል ብቻ ነው፦

```
(78.2 - 89.1) / 3.4 = -3.2
```

ይኸው ነው የተመራማሪዎች ቋንቋ የተባለው፤ አንድ መቀነስና አንድ ማካፈል። መልሱ የሚለው ልጅቷ ከመካከለኛዋ ልጅ በሦስት ደረጃ ከምናምን ዝቅ ብላለች ነው። ለቁመት እንዲህ በእጅ መሥራት ይቻላል፤ ምክንያቱም ቁመት ከመካከለኛው ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ይዘረጋል። ለክብደት ግን አታድርጉት፤ ክብደት ወደ ላይ ከወደ ታች ይልቅ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ሠንጠረዡን ወይም ፕሮግራሙን መጠቀም ነው። በሠንጠረዡ የእርሷ ክብደት ለዕድሜ -1.9 ገደማ ነው። እንግዲህ -3.2 እና -1.9 ጎን ለጎን ሲቆሙ የከፋው የቱ እንደሆነ ማንም አይስትም፤ 88 እና 80 ግን አሳስተውት ነበር።

ቁጥሩ ረቂቅ በመሆኑ ጥንቃቄም ይፈልጋል፤ ይህን ለጸሐፊው አልክድም። የ0.7 ቅናሹን ረስቼ 78.9 ብዬ ብጽፍ ልጅቷ ከ-3 መስመር በ1 ሚሊ ሜትር ከፍ ብላ «መካከለኛ መቀንጨር» ትባላለች። ዕድሜዋን 24 ወር ብዬ ባስገባው ደግሞ ቁመቷ -2.3 ይሆናል። የሹሩባውን 80.3 ብወስድ ያው መካከለኛ መቀንጨር ውስጥ ነው የምትገባው። ሦስቱም ስህተቶች የሚያመዝኑት ወደ አንድ ወገን፣ ልጅቷን ደህና ወደ ማስመሰል መሆኑን ልብ በሉ። ከ-6 በታች ወይም ከ6 በላይ የሆነ የቁመት ነጥብ ሲመጣ ግን ልጁን ሳይሆን መለኪያውንና የልደት ቀኑን ነው መጠርጠር። ሁለት ጉብኝቶች መካከል ልጅ አጥሮ ከተገኘም እንዲሁ፤ ልጅ አያጥርም።

ሦስተኛውን ባጭሩ ልመልስ። አሁን የምንጠቀምበትን የእድገት መለኪያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ብራዚል፣ ጋና፣ ህንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ ውስጥ የተለኩ ልጆችን ይዞ ነው። የተመረጡት ጡት የጠቡ፣ እናቶቻቸው የማያጨሱ፣ ኑሮአቸው እድገትን የማያግድ ልጆች ናቸው። የቁመታቸው ልዩነት ሲተነተን በአገርና በአገር መካከል ያለው 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የሚበዛው በዚያው አገር በልጅና በልጅ መካከል ያለው ነው። የአክራና የኦስሎ ሕፃናት እኩል ካደጉ የጅማዋ በተፈጥሮዋ አጭር የምትሆንበት ምክንያት አይታየኝም። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 38ቱ ከመቶ መቀንጨራቸውን አሳይቷል። በመለኪያው ስሌት ግን ጤነኛ ከሆኑ ልጆች ከ-2 በታች መገኘት ያለባቸው ከመቶ ሁለት ያህል ናቸው። 38 ተፈጥሮ አይደለም።

ነጥባቸው ፈጽሞ ባዶ ነው ግን አልልም። አንድ ልጅ ከአጭር ወላጆች ተወልዶ፣ ጤነኛ ሆኖ፣ -2.1 ላይ መገኘት ይችላል። ያንን ከመቀንጨር የሚለየው የአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን አካሄዱ ነው፤ መስመሩን ተከትሎ አብሮ የሚወጣ ከሆነ አንድ ነገር፣ መስመር እየቆረጠ የሚወርድ ከሆነ ሌላ። የእኔዋ ልጅ የቱ እንደሆነች ያወቅኩት የድሮ ካርዷን ሳይ ነው፤ ይህም ወደ አራተኛው ነጥብ ያደርሰኛል።

ከስድስት ወር በፊት፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሌላ ቦታ ተመርምራ ነበር። ካርዷ ላይ ከሦስት ገጽ መሃል ሁለት ቃል ብቻ ተጽፏል፦ «ምግብ እጥረት»። የትኛው እጥረት? ቀጭጫ ነው፣ ቀንጭራ ነው? ስንት ነበረች? ተኝታ ነው ቆማ? ምንም የለም። ደግነቱ ያን ዕለት የለካቻት ባለሙያ፣ ማን እንደሆነች አላውቅም፣ በካርዱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «76.0 ተኝታ» ብላ ጽፋለች። ያቺ የእርሳስ ጽሑፍ ከሁለቱ የብዕር ቃላት ይልቅ ጠቀመችኝ።

ያን ጊዜ 22 ወሯ ነበር። ለዚያ ዕድሜ የሴት ልጅ መካከለኛ ርዝመት ተኝታ ሲለካ 84.6 ነው፤ 76.0 ማለት -2.8 ገደማ ነው። አሁን ተኝታ 78.9 ናት። በስድስት ወር 2.9 ሴንቲ ሜትር አድጋለች። እናትየዋ «አድጋለች እኮ፣ ቀሚሷ አጥሯታል» ስትል እውነቷን ነው። ግን በዚያው ስድስት ወር መካከለኛዋ ልጅ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ታድጋለች። ልጅቷ እያደገች ወደ ኋላ ቀርታለች፤ ከ-2.8 ወደ -3.2። ይህንን «ቀንጭራለች» የሚል ቃል አይናገርም። ሐምሌም ጥርም ያው «ቀንጭራለች» ነውና፣ ካርዱን የሚያነብ ሰው ምንም አልተለወጠም ብሎ ያልፋል።

ስለዚህ እኔ የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ጥር 20/2017። ሴት። ልደት መስከረም 10/2015፣ ከክትባት ካርድ። 28 ወር። ክብደት 9.8 ኪሎ፣ ከእናት ጋር፣ ያለ ሹራብና ጫማ። ርዝመት ተኝታ 78.7 እና 79.1፣ አማካይ 78.9፤ መቆም እምቢ ብላ፤ 0.7 ተቀንሶ ቁመት 78.2። እብጠት የለም። ቁመት ለዕድሜ -3.2፣ ክብደት ለዕድሜ -1.9፣ ክብደት ለቁመት 0 ገደማ። ጽኑ መቀንጨር፤ መቀጨጭ የለም። ሐምሌ 15/2016፦ ተኝታ 76.0፣ በ22 ወር፣ -2.8።» መጀመሪያ 79.8 ብዬ በስህተት የጻፍኩትን አንድ መስመር ብቻ ስቤበት ከጎኑ ፈረምኩ፤ አልፋቅሁትም። በእድገት ካርዱ ላይም ሁለቱን ነጥቦች፣ የሐምሌውንና የጥሩን፣ አስቀምጬ በመስመር አገናኘኋቸው። ይህ ሁሉ ከአራት ደቂቃ አልበለጠም፤ ሰዓት አይቼ ነው የምለው፤ ጸሐፊው «ወረቀት ማብዛት» ያሉት ነገር እልህ አስይዞኝ ነበር።

የልደት ቀኑን ከየት እንዳገኘሁ መጻፌ ለምን እንደሆነ አንድ ባልደረባዬ ጠይቆኛል። «ከክትባት ካርድ» እና «እናት እንዳለችው» እኩል አይታመኑም። በኋላ የሚመጣ ሰው ቁጥሩ ካላማረው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዕድሜውን ነው፤ ምንጩ ከተጻፈለት የቱን እንደሚያጣራ ያውቃል። ጥሬ ቁጥሮቹም ከዚ-ስኮሩ በፊት የተጻፉት ለዚያው ነው። -3.2 ብቻ ቢጻፍ ተሳስቼ ከሆነ ማንም ሊያርመኝ አይችልም፤ 78.7 እና 79.1 ካለ ግን ስሌቱን ከመጀመሪያው መድገም ይቻላል።

ቀጠሮዋ ሚያዝያ 20 ነው። ያን ቀን 31 ወር ሞልቷት ምናልባት ቆማ ትለካ ይሆናል፤ ስለዚህ ካርዱ ግርጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ቆማ ከተለካች 0.7 አይቀነስ፤ ከ78.2 ጋር ይነጻጸር፣ ከ78.9 ጋር አይደለም» ብዬ ጨምሬበታለሁ።